ስዎት በአንዲት የኮንዶሚኒየም ሱቅ ላይ ሲሠራ

ለብድር የንግድ ዕቅድ ያዘጋጀ ወይም የአነስተኛ ንግድ ሥልጠና የወሰደ ሰው ይህችን ባለአራት ሳጥን ሠንጠረዥ ሳያያት አይቀርም። ጥንካሬ፣ ድክመት፣ መልካም አጋጣሚ፣ ስጋት። ስዎት የሚባለው ይኸው ነው። ስሙ የተሠራው ከአራቱ የእንግሊዝኛ ቃላት የመጀመሪያ ፊደላት ነው።

አብዛኛውን ጊዜ ሳጥኖቹ ፎርም ለመሙላት ያህል ይሞላሉ። ጥንካሬ ላይ "ጥሩ መስተንግዶ"፣ ድክመት ላይ "የካፒታል እጥረት"፣ መልካም አጋጣሚ ላይ "ሰፊ ገበያ"፣ ስጋት ላይ "የዋጋ ንረት" ይጻፋል። ይህንን ለዳቦ ቤትም፣ ለፀጉር ቤትም፣ ለጋራዥም መለጠፍ ይቻላል። ለማንም የሚሆን መልስ ደግሞ ለባለቤቱ ምን ማድረግ እንዳለበት አይነግረውም። ስለዚህ ነገሩን በአንዲት ሱቅ ላይ ከሥሩ ጀምረን እንሥራው።

## ሱቋ የቷ ናት?

አዲስ አበባ ዳር ካሉ የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች በአንዱ፣ ከአንድ ብሎክ ሥር ያለች ሱቅ እንውሰድ። ባለቤቷ ሴት ናት። ከአንድ ተቀጣሪ ልጅ ጋር ትሠራለች። ዳቦ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ለስላሳ፣ ዘይት፣ ፓስታ፣ ሳሙና፣ ደብተር፣ የፀጉር ቅባት፣ የልጆች መጫወቻ አላት። ሱቋ ከብዙ መሰሎቿ የተቀዳች ምሳሌ ናት። ቁጥሮቹንም ስሌቱ እንዲታይ ብዬ ነው ያስቀመጥኳቸው። የራሳችሁን ቁጥር ብታስገቡበት አሠራሩ ያው ነው።

በቀን በአማካይ 8,000 ብር ትሸጣለች፤ በወር 240,000 ብር ይሆናል። ከእያንዳንዱ 100 ብር ሽያጭ ውስጥ 88ቱ ዕቃው የተገዛበት ነው። የሚተርፈው 12 ብር ነው። ስለዚህ የወሩ ጥቅል ትርፍ 28,800 ብር ነው። ከዚህ ላይ ኪራይ 9,000፣ የልጁ ደመወዝ 5,000፣ መብራት፣ ከመርካቶ ማመላለሻና ጥቃቅን ወጪ 3,800 ብር ይነሣል። በእጅ የሚቀረው 11,000 ብር ነው፤ ግብሩ ገና አልተከፈለም።

ባለሱቋን "ሥራ እንዴት ነው?" ብትሏት መልሷ አንድ ነው። "ሁለት ብሎክ አለፍ ብሎ ሚኒ ማርኬት ከተከፈተ ወዲህ ሞቻለሁ።"

እውነቷን ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። ስዎት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

## የቱ ነገር የትኛው ሳጥን ውስጥ ይገባል?

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳጥኖች፣ ጥንካሬና ድክመት፣ ስለ ሱቋ ውስጥ ናቸው። መልካም አጋጣሚና ስጋት ስለ ውጭው ናቸው። መለያው አንድ ጥያቄ ነው፦ ባለሱቋ በራሷ ውሳኔ ልትለውጠው ትችላለች? ከቻለች ውስጥ ነው። ካልቻለች ውጭ ነው።

መብራት መጥፋቱ ውጭ ነው፤ ስጋት ላይ ይጻፋል። መብራት በጠፋ ቁጥር ወተት መበላሸቱ ግን ውስጥ ነው። ምክንያቱም ስንት ሊትር ወተት በአንዴ እንደምትረከብ የምትወስነው እሷ ናት። "ገንዘብ የለኝም" የሚለውን ብዙ ሰው ስጋት ላይ ይጽፈዋል። ቦታው ድክመት ላይ ነው፤ ገንዘቡ የት እንደገባ ገና እናያለን።

ሌላው የተለመደ ስህተት መልካም አጋጣሚ ላይ ነው። "በቴሌብር መቀበል መጀመር" ብለው ይጽፋሉ። ይህ የምትሠራው ሥራ ነው። አጋጣሚው ከሱቋ ውጭ ያለው ሁኔታ ነው፦ ቴሌብር በግንቦት 2013 ከተጀመረ ወዲህ ደንበኞቿ ገንዘባቸውን ስልካቸው ላይ ይዘው መዞር ለምደዋል። እሷ ብትጠቀምበትም ባትጠቀምበትም ይህ አለ። ሁኔታውን ከሥራው ካልለየን ሠንጠረዡ የምኞት ዝርዝር ሆኖ ይቀራል።

## ጥንካሬ ነው የሚባለው ምን ሲሆን ነው?

ሌላው የሌለው ሲሆን ነው። ባለሱቋ ፈገግተኛ ናት፤ ጥሩ። የሚኒ ማርኬቱ ልጆችም ፈገግተኞች ከሆኑ ግን ይህ ብልጫ አይሆንም። ጥንካሬን ስንጽፍ ሁልጊዜ ጎን ለጎን የምናስቀምጠው ተፎካካሪ ያስፈልጋል።

ሚኒ ማርኬቱ የሚከፍተው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ነው። ማታ 2 ሰዓት ላይ ይዘጋል። እሷ ንጋት 12 ሰዓት ከፍታ ማታ 4 ሰዓት ትዘጋለች። ይህ ልዩነት ዋጋ አለው ወይ? በግምት አይመለስም። ለአንድ ሳምንት አንድ ወረቀት ሦስት ቦታ ተከፍሎ መሸጫው ላይ ይቀመጣል፦ ሚኒ ማርኬቱ ሳይከፍት የተሸጠ፣ ከፍቶ ሳለ የተሸጠ፣ ከዘጋ በኋላ የተሸጠ። በየሽያጩ ብሩ ይጻፋል። በቃ።

በምሳሌያችን ከቀኑ 8,000 ብር ውስጥ 3,200ው የተሸጠው ሚኒ ማርኬቱ ዝግ በሆነበት ሰዓት ነው። መቶኛው 40 ነው። ልጅ ትምህርት ቤት ሳይሄድ ዳቦና እንቁላል፣ ማታ ደግሞ ለስላሳ፣ ሻማ፣ የሕፃን ዳይፐር ነው የሚሸጠው። እዚህ ሰዓት ላይ ማንም ዋጋ አያወዳድርም። የሚያወዳድሩት በወር አንዴ ዘይትና ፓስታ ሲገዙ ነው።

ስለዚህ ጥንካሬው "ጥሩ መስተንግዶ" ተብሎ አይጻፍም። እንዲህ ይጻፋል፦ "የሽያጫችን 40 በመቶ ተፎካካሪ በሌለበት ሰዓት ይሸጣል።" ይህ ዓረፍተ ነገር ላይ ቆሞ መወሰን ይቻላል።

ቦታዋም ጥንካሬ ነው። ከደረጃው ሥር ናት፤ አምስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ሰው በነጠላ ጫማ ወርዶ ይገዛል። ነገር ግን ቦታው የእሷ የሚሆነው የኪራይ ውሉ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ይህንን ያዙልኝ።

## ገንዘቡ የት ገባ?

ሁለት ቦታ። ከሁለቱ ዱቤው ይብሳል።

የዱቤ ደብተሩ ሲደመር 42,000 ብር ሰው ላይ አለ። ጠቅላላው ብቻውን ብዙ አይናገርም። ዕድሜው ነው የሚናገረው። ደብተሩን በዕድሜ ስንከፍለው ከአንድ ወር ያልበለጠው 19,000 ብር ነው። ከአንድ እስከ ሁለት ወር የሆነው 9,000 ብር ነው። ከሁለት ወር ያለፈው 14,000 ብር ነው። የመጀመሪያው ጤነኛ ዱቤ ነው፤ ደመወዝ ሲገባ ይመለሳል። የመጨረሻው ግን የመመለሱ ነገር አጠራጣሪ ነው።

14,000 ብር ቢቀር ምን ይሆናል? ለዚያ ዕቃ ከኪሷ ያወጣችው 88 በመቶውን፣ 12,320 ብር ነው። ያንን ለመተካት፣ ከየ100 ብሩ 12 ብር እየተረፋት፣ ከ100,000 ብር በላይ መሸጥ አለባት። ወደ 13 ቀን የሚጠጋ ሽያጭ ማለት ነው። ሁለት ሳምንት የሚጠጋ ጊዜ ንጋት 12 ሰዓት እየተነሣች ለማያመሰግኗት ሰዎች ትሠራለች።

ዱቤ ማለት ባለሱቋ ብቻዋን የምትጥለው፣ ደንበኞቿ በየተራ የሚወስዱት ዕቁብ ነው። ዳኛም ዋስም የለውም።

ሁለተኛው ቦታ መደርደሪያው ነው። ሱቅ ውስጥ በጠቅላላ 150,000 ብር የሚያወጣ ዕቃ አለ። ከዚህ ውስጥ 45,000 ብር የሚሆነው ሦስት ወር ሙሉ አልተነካም። የፀጉር ቅባት፣ መጫወቻ፣ የፕላስቲክ ዕቃ፣ አንድ ሰሞን መርካቶ ላይ ረክሶ የተገዛ ነገር። እንዲህ ያለውን ለማወቅ ቀላሉ መንገድ ጣትን መደርደሪያው ላይ አሳልፎ አቧራውን ማየት ነው። እየቀለድኩ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ክርክር ይነሣል፦ "ብር ዋጋው እየወረደ ዕቃ መያዝ አይሻልም?" ለዘይት፣ ለስኳር፣ ለሳሙና እውነት ነው። የመሸጫ ዋጋቸው አብሮ ይወጣል፣ ፈላጊም አያጡም። የአገልግሎት ጊዜው የሚያልፍ ቅባት ወይም ፋሽኑ ያለፈ መጫወቻ ግን ዋጋው ቢወጣም የሚገዛው የለም።

ሦስተኛ ድክመትም አለ፣ ባለሱቆች ማንሣት የማይወዱት። የቤት አስቤዛ ከመደርደሪያው ይወሰዳል፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ከመሳቢያው ይወጣል፣ አንዱም አይጻፍም። 11,000 ብር ይቀራል ያልነው ወረቀት ላይ ነው። እውነቱን ባለሱቋ ራሷም አታውቀውም።

## ከሱቋ ውጭ ምን አለ?

ሚኒ ማርኬቱ አለ፤ እሱን ሁሉም ያየዋል። ብዙም የማይታየው የኪራዩ ነገር ነው። በ2016 የወጣው የቤት ኪራይ ቁጥጥር አዋጅ የሚመለከተው የመኖሪያ ቤትን ነው። የሱቅ ኪራይ ጭማሪ በውሉ ላይ የተንጠለጠለ ነው። የባለሱቋ ውል አምስት ወር ቀርቶታል። ኪራዩ ከ9,000 ወደ 12,000 ብር ቢገባ ከ11,000 ብሯ ላይ 3,000ው ይሄዳል፤ ከሩብ በላይ ማለት ነው።

ሦስተኛው ስጋት የዕቃ ዋጋ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ለችርቻሮ ሱቅ የዚህ ትርጉሙ መደርደሪያ መሙላት ላይ ነው። ባለሱቋ አንድ ጀሪካን ዘይት በ1,200 ብር ገዝታ በ1,300 ሸጠች እንበል። 100 ብር አተረፈች። ቀጣዩን ልታመጣ ስትሄድ ጅምላው 1,350 ገብቶ ብታገኘው፣ ከሽያጩ ያገኘችው ብር ያንኑ ጀሪካን መልሶ አይገዛም። አተረፍኩ ያለችው 100 ብር ትርፍ አልነበረም። ዕቃ እያነሰ፣ ሽያጭ በብር ሲታይ እየጨመረ የሚሄደው እንዲህ ነው።

ዜና ሁሉ ስጋት እንዳልሆነም ልብ በሉ። በ2016 የችርቻሮ ንግድ በቅድመ ሁኔታ ለውጭ ባለሀብቶች ተከፍቷል። ለትልልቅ ሱፐርማርኬቶች ትልቅ ጉዳይ ነው። ከደረጃ ሥር ላለች ሱቅ ግን ከኪራይ ውሏ በፊት የሚታሰብ አይደለም።

መልካም አጋጣሚዎቹ ሁለት ናቸው። ስልክ ላይ ያለውን ገንዘብ ቀድመን አንሥተነዋል። ሌላው በአጠገቧ ያሉት ብሎኮች ገና እየሞሉ መሆናቸው ነው። አዲስ የገባ ተከራይ የመጀመሪያውን ሳምንት ከገዛበት ሱቅ መግዛቱን ብዙ ጊዜ ይቀጥላል።

## ሳጥኖቹ ተሞሉ፤ ከዚያስ?

ብዙ ሰው እዚህ ያቆማል። ሥራው ግን የሚጀምረው ከዚህ ነው። ሃይንስ ዋይሪክ የተባለ የማኔጅመንት ምሁር በ1982 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባሳተመው ጽሑፍ ሳጥኖቹ እርስ በርስ እንዲጋጠሙ አድርጎ አሳየ። የውስጡ ከውጭው ጋር ይገጠማል፣ ከያንዳንዱ ግጥሚያ አንድ ውሳኔ ይወጣል።

በእኛ ሱቅ ከሁሉ የሚያስገርመው ድክመትን ከስጋት ጋር ስናጋጥም የሚወጣው ነው። ዱቤን ከሚኒ ማርኬቱ ጋር አጋጥሙት። ሁለት ወር ያለፈባቸውን ስሞች ከደብተሩ አውጥተን "እነዚህ ሰዎች አሁን የት ይገዛሉ?" ብለን ስንጠይቅ መልሱ ሚኒ ማርኬቱ ይሆናል። ዕዳ ያለበት ሰው በሱቁ በር ማለፍ ያፍራል። መንገድ ይቀይራል። ዱቤ የሌለበት ቦታ ሄዶ በካሽ ይገዛል። ስለዚህ የሷ ሱቅ ለዱቤ፣ ሚኒ ማርኬቱ ለካሽ ሆነዋል። ደንበኞቹን ወደዚያ የገፋቸው በከፊል የራሷ ደብተር ነው።

"ሚኒ ማርኬቱ ገደለኝ" የሚለው ምርመራ እዚህ ላይ ይለወጣል። ሚኒ ማርኬቱን መዝጋት አትችልም። ደብተሩን ግን ማስተካከል ትችላለች።

ጥንካሬን ከስጋት ጋር ስናጋጥም ደግሞ ቦታዋና ኪራዩ ይገናኛሉ። ትልቁ ብልጫዋ አምስት ወር ብቻ በቀረው ውል ላይ ነው የቆመው። ጥንካሬን ከአጋጣሚ ስናጋጥም፣ ንጋትና ማታ የሚገዛው ሰው ቁጥር አዲስ ብሎክ በሞላ መጠን ይጨምራል። ስለዚህ ገንዘቧ መግባት ያለበት በእነዚያ ሰዓታት የሚሸጡ ዕቃዎች ላይ ነው።

## ዋጋ ብትቀንስስ?

መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ ይህ ነው፤ ስለዚህ እናስላው። በሁሉም ዕቃ ላይ 5 በመቶ ብትቀንስ፣ 100 ብር ይሸጥ የነበረው 95 ይሆናል። የገዛችበት ግን ያው 88 ነው። ትርፏ ከ12 ብር ወደ 7 ብር ይወርዳል። የበፊቱን 28,800 ብር ለማግኘት 71 በመቶ ተጨማሪ ዕቃ መሸጥ አለባት። በዚያው ሰፈር፣ በዚያችው ጠባብ ሱቅ፣ ለዚያው ሰው። አይሆንም።

ያውም ሚኒ ማርኬቱ በብዛት ስለሚረከብ እሷ 5 በመቶ በቀነሰች ጊዜ እሱ ከእሷ በታች ሌላ 2 ሊቀንስ ይችላል። በወር አንዴ የሚገዛውን አስቤዛ እሱ ይውሰደው። እሷ ዘይትና ፓስታውን የምትይዘው በጎደለ ጊዜ ለሚወርድ ሰው እንጂ ለወር ሸማች አይደለም።

## ታዲያ ምን ታድርግ?

ዱቤውን መጠን ታበጅለት። ሙሉ በሙሉ ማቆም አይሠራም፤ ሰፈር ውስጥ ዱቤ የሌለው ሱቅ ሚኒ ማርኬት ነው፣ ያ ደግሞ አለ። ለአንድ ቤት ጣሪያው 1,000 ብር ይሁን። ደመወዝ የሚገባው ወር ማለቂያ ላይ ስለሆነ መክፈያው በሚቀጥለው ወር እስከ 5ኛው ቀን ይሁን። ያለፈውን ያልከፈለ አዲስ አይወስድም። የጠቅላላው ዱቤ ጣሪያ 20,000 ብር ነው፤ እዚያ ሲደርስ ለማንም አይሰጥም። ጣሪያውን ለልጁም መንገር ያስፈልጋል፣ ባለሱቋ በሌለችበት ብዙ የሚለቀው እሱ ነውና።

የቆየው 14,000 ብር በየሰዉ ለብቻ ይጠየቃል። በር ላይ ስም መለጠፍ፣ በሰው ፊት ማንሣት ገንዘቡንም ደንበኛውንም ያሳጣል። "በየሳምንቱ 100 ብር በቴሌብር ላክልኝ፣ ዕቃህን ግን መጥተህ በካሽ ግዛ" ማለት ይሻላል። ስልክ ላይ መላክ ፊት ለፊት ከመቆም ይቀላል። ግማሹ ቢመለስ ጥሩ ነው። ዋናው ትርፍ ግን መንገድ የቀየረው ሰው ተመልሶ በበሩ ማለፉ ነው።

የቆመውን ዕቃ ታውጣው። 45,000 ብር የሚያወጣው ዕቃ በገዛችበት፣ ካልሆነም ከዚያ ባነሰ ይሸጥ። 30,000 ብር ቢወጣው ይበቃል። 15,000 ብር ከሰርኩ ብላ ታዝናለች። ነገር ግን ያ ገንዘብ የከሰረው ዕቃው በተገዛ ቀን ነው። ከሚወጣው ላይ 20,000ው ወደ ዳቦ፣ እንቁላል፣ ወተትና ለስላሳ ይግባ። በአንዴ አይጨመርም፤ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ። ሱቅ ሲዘጋ የተረፈ ዳቦ ሁለት ቀን ተከታትሎ ከታየ መጠኑ በዝቷል ማለት ነው፣ አንድ እርከን ይቀነስ።

የቀረውን 10,000 ብር ይዛ አከራዩ ጋ ትሂድ። አሁን፣ ውሉ ሳያልቅ። ውሉ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው የሚሄድ ተከራይ ምርጫ የለውም። ጥያቄው የሁለት ዓመት የጽሑፍ ውል ነው። አስፈላጊ ከሆነ ልከኛ ጭማሪ ትቀበል። 10,000 ብሩ ለቅድሚያ ክፍያ ይሆናታል። አከራዩ ጨርሶ እምቢ ካለም አምስት ወር ሌላ ቦታ ለማየት ይበቃል።

ለራሷ ደመወዝ ትቁረጥ። 8,000 ብር፣ ወር በገባ በተወሰነ ቀን። ከመደርደሪያ የምትወስደው ሁሉ ዱቤ ደብተሩ ላይ በራሷ ስም ይጻፍ፣ እንደማንኛውም ደንበኛ። የ1,000 ብሩ ጣሪያ እሷንም ይመለከታል።

ዋጋ ስታወጣ የሚቀጥለውን መግዣ ትመልከት። ወደ መርካቶ ከመሄዷ በፊት በየሳምንቱ ለጅምላ ነጋዴው ደውላ የዘይት፣ የስኳርና የሳሙናን ዋጋ ትጠይቅ። መሸጫዋን የምታሰላው ዕቃው መልሶ በሚገዛበት ዋጋ ላይ ተነሥታ ነው።

ይህ ሁሉ ሳይሠራ ብድር አትውሰድ። ስልክ ላይ የሚገኘው አነስተኛ ብድርም ቢሆን ዱቤ ያጎደለውን ቀዳዳ ለመሙላት ከዋለ፣ ሰው ላይ ባለው ገንዘብ እሷ ወለድ ትከፍላለች ማለት ነው።

ከሦስት ወር በኋላ ሠንጠረዡን እንደ አዲስ መሥራት አያስፈልግም። ሦስት ቁጥር ማየት ይበቃል፦ ከሁለት ወር ያለፈው ዱቤ ስንት ነው፣ ሦስት ወር ያልተነካ ዕቃ ስንት ብር ነው፣ ሚኒ ማርኬቱ ዝግ በሆነበት ሰዓት በቀን ስንት ይሸጣል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ወርደው ሦስተኛው ከ3,200 ብር ከፍ ካለ፣ ለዳቦና ለወተት የሚሆን ገንዘብ እየጨመረች ትቀጥል። ዱቤው ካልወረደ የአንድ ቤት ጣሪያ ወደ 500 ብር ዝቅ ይበል። ሦስቱም ተስተካክለው የቀኑ ሽያጭ አሁንም እየቀነሰ ከሆነ፣ ያን ጊዜ በእርግጥ ሚኒ ማርኬቱ ነው፤ የሱቋ ዕቃ ዝርዝር ራሱ መለወጥ አለበት።